ግምትህን ለምን አልቀበልም አለህ?

ሳሚዬ፣ የላክልኝን ስክሪንሾት አየሁት። ዎርድል፣ ያ ባለ 5 ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል መገመቻ ጨዋታ፣ TOKYO ብለህ ስትጽፍ «Not in word list» ስላለህ ተበላሽቷል ብለህ አትናደድ። ዎርድል የጻፍከው ነገር ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር አለው፤ ግምትህ እዚያ ውስጥ ካለ ይቀበላል፣ ከሌለ ይመልስብሃል፣ አለቀ። የሰውና የከተማ ስም እዚያ አይገባም። CHINA ግን ያልፋል፣ ምክንያቱም የሸክላ ዕቃ ማለትም ነው (ብልጠት በለው)። AEIOU የከለከለህም ለዚሁ ነው፤ ባይከለክል ሁላችንም አናባቢዎቹን ባንዴ ደርድረን እንገላገል ነበር፣ ያ ደግሞ ምኑን ጨዋታ ሆነ?

ዝርዝሩ ደግሞ አንድ አይደለም። ጨዋታው ሲጀመር ለመልስነት የተመረጡት ቃላት 2,300 ገደማ ነበሩ፤ ለግምት ብቻ የሚፈቀዱት ግን ከ10,000 በላይ ናቸው፣ አንዳንዶቹን እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው እንኳ ሰምቷቸው አያውቅም። ስለዚህ ግምትህ አለፈልህ ማለት መልስ የመሆን ዕድል አለው ማለት አይደለም። CARDS ብትል ይቀበልሃል፣ ግን S ጨምረህ ያበዛኸው ቃል መልስ ሆኖ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው።

ደግሞ ሲመልስብህ ሙከራ አይቆጥርብህም፣ 6ቱም እንዳሉ ናቸው። አጥፋውና ሌላ ሞክር።