የስም ጥሪ መመዝገቢያ አሠራር ምርጫን ስለማቅረብ

ቀን፦ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለትምህርት ቤታችን ቦርድ
ደሴ

ከሰኞ የካቲት 3 እስከ ዓርብ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ባሉት 20 የትምህርት ቀናት፣ በ9ኛ ክፍል አራት ምድቦች (212 ተማሪዎች) የጣት አሻራ ማሽንና በታብሌት የሚሞላ የኤክሴል ሮስተር ጎን ለጎን ተሞክረዋል። ለማመሳከሪያ ሲባል የወረቀቱ ስም ጥሪም አልተቋረጠም። ኮሚቴው እንዲገዛ የሚጠይቀው ታብሌቱን ነው።

ማሽኑ አንድ ተማሪ ለማሳለፍ 4 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ጥቂት ይመስላል፤ 22ቱም ምድቦች ሲጀምሩ ግን 1,166 ተማሪ በሁለት ማሽን ለማስገባት 39 ደቂቃ ይሄዳል። አንድ ክፍለ ጊዜ አለቀ ማለት ነው። በጠዋቱ ብርድ ጣታቸው የደረቀና የተሰነጠቀ 9 ተማሪዎችን ማሽኑ በተደጋጋሚ አልለይ ብሏል። መብራት በጠፋባቸው 3 ጠዋቶችም ምንም አልመዘገበም። ይህ በባትሪ ይፈታል፤ ዋናው ችግር ግን በባትሪ አይፈታም፦ ማሽኑ የሚያውቀው ተማሪው በሩን ማለፉን እንጂ ክፍል መግባቱን አይደለም። ግቢ ገብተው ትምህርት የቀሩ ተማሪዎች ሁሉ «ተገኝቷል» ተብለዋል።

የቀን አቆጣጠሩም ሌላ ጣጣ ነው። ሪፖርቱ የሚወጣው በፈረንጆች ወር ስለሆነ የካቲት በፌብሩዋሪና በማርች ተከፍሎ ይመጣል፤ 2:15 ያረፈደም 8:15 ተብሎ ይጻፋል። የሪከርድ ሠራተኛዋ የወሩን ድምር በእጅ መልሳ ሠርታዋለች።

በታብሌቱ የክፍል ኃላፊው መምህር የቀረውን «ቀ»፣ ያረፈደውን «ዘ» ብቻ ይሞላል፤ 3 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ኢንተርኔት አይፈልግም። ድምሩን የሚያወጣው ይህ ነው፦

```
=COUNTIF(C5:V5,"ቀ")
```

እንከን የለውም አንልም። ከ80ው ስም ጥሪ 6ቱ በሰዓቱ አልተሞሉም፤ ከሰዓት በኋላ በትዝታ ሲሞሉም ከወረቀቱ ጋር አልገጠሙም። ባዶ ሳጥን «ተገኝቷል» ተብሎ ስለሚነበብ ያልተሞላ ቀን ሙሉ ክፍል የተገኘ ያስመስላል። ስማቸው እስከ አያት የሚመሳሰል ሁለት ተማሪዎችም ተቀያይረዋል።

ስለዚህ ግዢው ከሚከተሉት ጋር እንዲጸድቅ እንጠይቃለን፦ ለሁለት አጎራባች ምድቦች አንድ፣ በድምሩ 11 ታብሌት፤ ከስም በፊት የመለያ ቁጥር ዓምድ፤ መምህሩ ሲጨርስ «ተሞልቷል» የሚልበት ሳጥን፤ ፋይሉ በየቀኑ 6:00 ሰዓት በፍላሽ ለሪከርድ ክፍል እንዲደርስና ከዚያ በኋላ ያለ ምክትል ርእሰ መምህሩ ፊርማ እንዳይታረም። የወረቀቱ ስም ጥሪ እስከ ሰኔ ይቀጥል።

ለሙከራው የተወሰደው የ212 ተማሪዎች አሻራ ወላጅ ባለበት ከማሽኑ እንዲጠፋም ቦርዱ ትእዛዝ ይስጥልን፤ የይለፍ ቃል ይቀየራል፣ አሻራ አይቀየርም።

ከሰላምታ ጋር
የስም ጥሪ አሠራር ገምጋሚ ኮሚቴ

አባሪ፦ የ20 ቀን ማመሳከሪያ ሠንጠረዥ፣ 3 ገጽ
ግልባጭ፦ ለርእሰ መምህር ጽ/ቤት፣ ለሪከርድ ክፍል