የማታ አማርኛ ዕቅድሽ፦ ከመስከረም 20 እስከ ታኅሣሥ 20

እህቴ፣ ከአስመራ ከመጣሽ ገና ወር አልሞላሽም፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ አራት ኪሎ እኛ ካፌ ኩሽና ውስጥ ቆመሽ ትውያለሽ። ስለዚህ ዕቅዱን በማታው ልክ ሠራሁት፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት። በጣም የደከመሽ ቀን 15 ደቂቃ ብቻ አድምጠሽ ተኚ። ግቡ ታኅሣሥ 20 ላይ ብቻሽን ትዕዛዝ መቀበልሽ ነው።

የመጀመሪያው ወር የጆሮ ነው። ፊደሉን ስለምታውቂ መጻፍ ይቆይ። ባለፈው ሳምንት «ሎሚ አምጪ!» ተብለሽ ግራ ገብቶሽ ስትቆሚ አይቻለሁ። በትግርኛ ሎሚ «ዛሬ» ነው፤ እዚህ የሚጨመቀው ፍሬ ነው። ማንም ሳያስረዳሽ ጮኹብሽ፤ ይህን የጻፍኩት ያን ቀን ከፍቶኝ ነው። እንዲህ ያሉትን ለይተሽ ያዢ። በየማታው ስምንት ቃል ይበቃል፣ ያውም ቀን በእጅሽ ከያዝሽው ዕቃ፦ ማይ ውሃ፣ ጸባ ወተት፣ ሽኮር ስኳር። ትማሊ ትናንት፣ ጽባሕ ነገ። ቁጥርን እስከ መቶ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ፤ ሂሳብ ላይ ስህተት ከደሞዝ ይቆረጣል። ማጥበቅና ማላላትንም አድምጪ፦ «ወተት አለ» ሲጠብቅ መኖሩን ነው፤ «ወተት አለ» ሲላላ ደንበኛው ወተት አዘዘ ማለት ነው።

በሁለተኛው ወር ማክሰኞና ሐሙስ እደውልልሻለሁ፤ እኔ ደንበኛ፣ አንቺ አስተናጋጅ።
— ምን ልታዘዝ?
— ማኪያቶ።
— ጠቆር ይበል ወይስ ነጣ?
ካልሰማሽ «ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» በይ፤ ዝም ብለሽ አትሂጂ፣ ያልታዘዘ ከመጣ ይብሳል። ታላላቆችን «እርስዎ» በይ። ሁለት ሴቶች አብረው ቢመጡ በትግርኛ «ንስኻትክን» ትያቸው ነበር፤ በአማርኛ ለወንድም ለሴትም «እናንተ» ነው። ረቡዕና ዓርብ አስቀድመሽ «የጾም ይሁን?» ብለሽ ጠይቂ፤ ይሄን የሚጠይቅ አስተናጋጅ ይወደዳል። ስትመለሺም ታክሲ ላይ ሌላ ሰው እስኪናገርልሽ አትጠብቂ፣ «ወራጅ አለ!» በይ።

ሦስተኛው ወር ጽሑፍ ነው፦ የትዕዛዝ ወረቀትና የፈረቃ ሰሌዳ። ሰሌዳው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ወራቱን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በቃልሽ ያዢ። «ሰ» ይሁን «ሠ» ብለሽ አትጨነቂ፣ ድምፁ አንድ ነው። ከጉሮሮ የምታወጪያቸው «ሐ» እና «ዐ»ም ይቆዩ፤ ሰው ይገባዋል፣ የአገርሽ ድምፅ ነው።

ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ መስኮቱ ጋ ያሉትን ሁለት ጠረጴዛዎች ትይዣለሽ። እኔ ከካሸሩ አጠገብ እቆማለሁ፤ ካልጠራሽኝ አልመጣም።