የአንደኛ ዓመት የሙያ ማሻሻያ ዕቅዴ (2018 ዓ.ም)

ሰሜን ሸዋ፣ ባሶና ወራና ወረዳ
የዕቅዱ ባለቤት፦ የ3ኛ ክፍል ጀማሪ መምህርት
የሚሸፍነው ጊዜ፦ ከጥቅምት 10 እስከ ሰኔ 15
የሚያዩት፦ አማካሪ መምህርቴ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር

ከየት እንደተነሳሁ

መስከረም መጨረሻ ላይ 52ቱንም ተማሪዎቼን አንድ በአንድ አስነበብኩ። አራት መስመር ያላት አጭር ምንባብ ናት። 17ቱ አቀላጥፈው አነበቡ። 21ዱ ፊደል እየለቀሙ ጨረሱ። 14ቱ አልቻሉም።

የገረመኝ 14ቱ ፊደል አለማወቃቸው አይደለም። ያውቃሉ። ሀ ሁ ሂን በዜማ ካስጀመርኳቸው እስከ ፐ ይወርዱታል። ከመሀል አንድ ፊደል ነጥዬ ሳሳያቸው ግን ዜማውን ከመጀመሪያው ያነሱና እዚያች ፊደል ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። አንዷ ልጅ «ሽ»ን ለማግኘት «ሸ ሹ ሺ ሻ ሼ» ብላ ቆጠረች። በዜማ የሸመደዱትን ገና በዓይናቸው አልለዩትም።

ስለዚህ የዓመቱ ዋና ሥራዬ ይኸው ነው፤ ማንበብ። ሌሎቹ ሁለት ግቦች ትናንሽ ናቸው፤ ሆን ብዬ ነው ያሳነስኳቸው።

ግብ 1፦ ንባብ ማስተማር መቻል

እስከ ሰኔ ከ14ቱ ቢያንስ 10ሩ አጭር ዓረፍተ ነገር ያነባሉ። ከ21ዱ ቢያንስ 12ቱ ምንባቧን ሳይለቅሙ ያነባሉ። «ሁሉም ተማሪዎች መቶ በመቶ» ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ ለወረቀቱ ያምራል። ግን ከ14ቱ ሦስቱ በሳምንት ሁለት ቀን አይመጡም፤ ይህን እያወቅኩ አልጽፈውም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ግማሽ ሰዓት ማስቀረት ነበር። አማካሪዬ ሰምተው ሳቁ። «ከብቱን ማን ሊመልስ ነው?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ጠዋት ቀድሞ መምጣትም አይሆንም፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሩቅ የሚሄዱ ልጆች በሰዓቱ መድረሳቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ሁሉም በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይሆናል። 40 ደቂቃ አለኝ። ሌሎቹ ጽሕፈት በሚሠሩበት 15 ደቂቃ 14ቱን ወደ ፊት አመጣለሁ።

ከእነሱ ጋር የምሠራው ይህን ነው።

ፊደል በካርድ እንጂ በዜማ አይደለም። ካርዶቹን ከብስኩት ካርቶን እቆርጣለሁ። ካዕብና ሣልስ ብዙም አያስቸግሩም፤ ጭረታቸው ከፊደል ፊደል ይመሳሰላል። የሚያጋጨው ሳድስ ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ከሳድስ ጋር ረዘም ያለ ጊዜ እቆያለሁ። ቀጥሎ መልካቸው የሚቀራረቡትን ጎን ለጎን አስቀምጬ አስለያለሁ፦ ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ።

ለ21ዱ ችግሩ ሌላ ነው፤ ማጥበቅና ማላላት። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው ይሁን ፊደሉ አይነግራቸውም፤ ዓረፍተ ነገሩ ነው የሚነግራቸው። ስለዚህ ለእነሱ ነጠላ ቃል አልሰጥም፤ ሁልጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ከ17ቱ መካከል ፈቃደኛ የሆኑት አጠገባቸው ተቀምጠው አብረው ያነባሉ።

እኔ ራሴስ? አማካሪዬ አራት ጊዜ ክፍሌን ይመለከታሉ። እኔም የ1ኛ ክፍል መምህርቷን ሦስት ጊዜ አያለሁ። ፊደል ማስለየት ላይ በትምህርት ቤታችን እሳቸውን የሚያህል የለም፤ ኮሌጅ ያልሰማሁትን አንድ ጠዋት ከበር ቆሜ ሰምቻለሁ።

ማስረጃ፦ የ52ቱ ተማሪዎች የንባብ መመዝገቢያ (መስከረም፣ ጥር፣ ሰኔ)፣ የምልከታ ቅጾቹ፣ እና አማካሪዬ በቀይ ያረሙት የትምህርት ዕቅዴ፣ እንዳለ ሳይገለበጥ። ፎቶ አላስገባም። ልጆች መጽሐፍ ይዘው የተነሱት ፎቶ ማንበባቸውን አያሳይም።

ግብ 2፦ ተከታታይ ምዘናን ለማስተማር መጠቀም

እስካሁን ደብተር አርማለሁ፣ ነጥብ እጽፋለሁ፣ አለቀ። ልጁ ምን እንደሳተ አልይዝም። ከአሁን በኋላ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 13 ደብተር ብቻ አያለሁ፤ በአራት ቀን 52 ይሆናል። ዓርብ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተደጋገመውን ስህተት በአንድ ገጽ እጽፋለሁ፤ ሰኞ እሱን እንደገና አስተምራለሁ። የምጀምረው በሒሳብ ነው። ማስረጃው ያው የዓርብ ገጾቹ ናቸው።

ግብ 3፦ የራሴ እንግሊዝኛ

ይህን መጻፍ ትንሽ ያሳፍራል። ክፍል ውስጥ «ሲት ዳውን» እና «ሪፒት አፍተር ሚ» ብዬ ቀሪውን በአማርኛ እጨርሳለሁ። ከ7ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር ጋር ተነጋግረናል፤ በየሁለት ሳምንቱ ቁጭ ብለን እናወራለን፣ ያርሙኛል። በየሳምንቱ ክፍል ውስጥ የምጠቀምባቸው አምስት አዳዲስ ዓረፍተ ነገሮች እይዛለሁ። ማስረጃ፦ የዓረፍተ ነገር ደብተሬ፣ እና በግንቦት መምህሩ ክፍሌን አይተው የሚጽፉት አስተያየት።

ሰዓቱ

የተከታታይ ሙያ ማሻሻያው በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል። የእኔ አከፋፈል፦ ንባብ 26፣ ምልከታና ውይይት 10፣ ምዘና 8፣ እንግሊዝኛ 10፣ ማህደረ ተግባር ማደራጀት 6። ለማህደሩ 6 ሰዓት ብቻ የሰጠሁት ብዙ ጊዜ ማህደሩ እየወፈረ ሥራው ስለሚቀጥን ነው።

የጊዜ ሰሌዳ

ጥቅምት፦ ካርዶቹ ይዘጋጃሉ፣ 14ቱ ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ምልከታ በወሩ መጨረሻ።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ ገብስና ስንዴ ይታጨዳል፤ ክፍሉ ይሳሳል። አዲስ ነገር አልጀምርም። የጀመርኩትን እደግማለሁ፣ 1ኛ ክፍል ገብቼ አያለሁ፣ የዓርብ ገጹን እለማመዳለሁ። ለቀሩት ልጆች ካርዱን በጎረቤት ልጅ እልካለሁ።

ጥር፦ ከጥምቀት በኋላ፣ ከመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በፊት ሁለተኛው ንባብ። ከ14ቱ አራት እንኳ ካልተንቀሳቀሱ ዘዴዬ አልሠራም ማለት ነው፤ ከአማካሪዬ ጋር ቁጭ ብለን እንቀይረዋለን።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፦ ዋናው የሥራ ጊዜ ይህ ነው። ሁለት ምልከታ። ትምህርት የሚቋረጥባቸው ቀናት እንደሚኖሩ ስለማውቅ ሁለት ሳምንት ባዶ ትቻለሁ።

ግንቦት፦ የእንግሊዝኛ ምልከታ፣ አራተኛው የአማካሪዬ ምልከታ።

ሰኔ፦ የመጨረሻው ንባብ እስከ 5፣ ማህደሩ እስከ 15።

ዘንድሮ የማልሠራው

ተግባራዊ ጥናት እንድሠራ ተጠይቄ ነበር። የሙያ ትውውቁ ሁለት ዓመት ነው፤ ለሁለተኛው ዓመት አስተላልፌዋለሁ። የንባብ መመዝገቢያው ያኔ መነሻ ይሆነኛል። የሥነ ጽሑፍ ክበቡንም እንዲሁ። ሚኒ ሚዲያውን ግን አልተውኩም፤ ከየካቲት ጀምሮ ዓርብ ጠዋት አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ልጅ ከእኔ ክፍል ይወጣል፤ የመጀመሪያዎቹን የምመርጠው ከ14ቱ ነው።