የፍልሰት ምዕራፍ ፈተና፦ የጽሑፍ ጥያቄዎች ከነሙሉ መልሳቸው

ጂኦግራፊ፣ የማጠናከሪያ ክፍል፣ ጎንደር። ጠቅላላ 40 ነጥብ፣ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል።

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሙሉ ነጥብ የሚያሰጡ ናቸው። ከመልሶቹ ሥር ያለው ማስታወሻ አራሚዎች ነጥብ የሚቀንሱበትን ቦታ ያሳያል።

ጥያቄ 1 (4 ነጥብ)
የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ በመተማ በኩል የገቡት ሰዎች ሁሉ «ስደተኞች» ሊባሉ ይችላሉ? አስረዱ።

መልስ፦ ሁሉም አይባሉም። በአንዱ በር የገቡት ሰዎች ሕጋዊ አቋማቸው ይለያያል። ጦርነቱን ሸሽቶ የዓለም አቀፍ ድንበር የተሻገረ ሱዳናዊ ስደተኛ ነው። የ1951ዱ (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ስምምነት የሚናገረው በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት የመሳደድ ሥጋት ስላለበት ሰው ነው፤ የ1969ኙ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ግን የሕዝብ ጸጥታን ክፉኛ ያናጋ ሁኔታን የሸሸውንም ይጨምራል። ካርቱም ሲሠራ ቆይቶ የመጣ ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ስለገባ ተመላሽ እንጂ ስደተኛ አይደለም። ወደ አገሩ ለመሄድ በመተማ የሚያልፍ የሌላ አገር ዜጋ ደግሞ የሦስተኛ አገር ተሻጋሪ ይባላል። ቤቱን ጥሎ ቢሸሽም ድንበር ያልተሻገረ ሰው ተፈናቃይ ነው፤ እሱን የሚመለከተው የ2009ኙ (እ.ኤ.አ.) የካምፓላ ስምምነት ነው።

ማስታወሻ፦ ብዙ ተማሪ ልዩነቱን በችግሩ ክብደት ይለካዋል፤ «ስደተኛ ማለት በጣም የተቸገረ ነው» ይላል። መለኪያው ድንበር መሻገርና ዜግነት ነው። ዳባት አጠገብ አለምዋጭ ጣቢያ ያለ ኤርትራዊና ደባርቅ ተጠልሎ የነበረ የአገር ውስጥ ሰው ችግራቸው ቢመሳሰልም ስማቸው አይመሳሰልም።

ጥያቄ 2 (12 ነጥብ)
«ሰውን የሚያፈልሰው ድህነት ነው።» ይህን አባባል ከጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ወደ መተማና ሁመራ በሚደረገው ወቅታዊ ፍልሰት መዝኑ። በኤቨረት ሊ ንድፈ ሐሳብ ተጠቀሙ።

መልስ፦ አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ ማን እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚሄድና ለምን ሌላ ቦታ እንዳልመረጠ ግን አይነግረንም። ሊ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ፍልሰትን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፦ የመነሻው ሁኔታ፣ የመዳረሻው ሁኔታ፣ በመካከል የሚገቡ መሰናክሎችና የሰውየው የግል ሁኔታ።

በመነሻው በኩል ዋናው ገፊ የመሬት ጥበት ነው። በክልሉ በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ከተካሄደ ወዲህ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወጣት መሬት የሚያገኘው በአብዛኛው በውርስ፣ በኪራይ ወይም በእኩል ነው። አባት ያለውን ማሳ ለሦስትና ለአራት ልጆች ሲያካፍል የእያንዳንዱ ድርሻ ቤተሰብ አይመግብም። በዚህ ላይ የአፈር መከላት አለ፤ እንደ በለሳ ባሉ ዝናብ አጠር ወረዳዎች ደግሞ ድርቅ ይጨመርበታል።

በመዳረሻው በኩል የሰሊጥ ጠባይ ራሱ ሳቢ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ቆባው ይሰነጠቅና ፍሬው ይረግፋል፤ አጨዳው በቀናት ከዘገየ ምርቱ መሬት ላይ ይቀራል። ባለሀብቱ በአጭር ጊዜ ብዙ እጅ የሚፈልገው፣ የቀን ዋጋም በዚያ ሰሞን የሚንረው ለዚህ ነው። የሠራተኛ ፍላጎቱ ሁለት ጫፍ አለው፦ በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ለአጨዳ።

ይህ የቀን መቁጠሪያ ከደጋው ጋር ግማሹ ይገጥማል፣ ግማሹ ይጋጫል። የአጨዳው ወቅት የደጋው ጤፍ በኅዳር ከመታጨዱ በፊት ስለሚያልቅ ሰውየው ለራሱ ሰብል ይደርሳል። የአረሙ ወቅት ግን ከደጋው ዘርና አረም ጋር ይደራረባል። ስለዚህ በሐምሌ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ሞፈር የማይጨብጠው ወንድም ወይም መሬት የሌለው ነው፤ ለአጨዳው ግን አራሹም ሊወርድ ይችላል። «ድህነት» የሚለው ቃል ይህን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም።

መሰናክሎቹ የትራንስፖርት ወጪ፣ በመንገድ ላይ የጸጥታ ችግር፣ የቆላው ሙቀት፣ ወባና ካላዛር ናቸው። መንገድ ሲዘጋ ገፊውም ሳቢውም ባለበት እያለ ፍልሰቱ ይቆማል። የሊ ሐሳብ ከተራ «ግፊትና ስበት» የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። የግል ሁኔታ ሲባል ዕድሜ፣ ጾታ፣ ጤና፣ ቀድሞ የሄደ ዘመድ መኖርና የስንቅ አቅም ነው። ፈጽሞ የደኸየው ሰው የመጓጓዣ ገንዘብ ስለሌለው ላይሄድ ይችላል። ይህ በተለይ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ሊቢያ በሚደረገው ጉዞ ጎልቶ ይታያል፤ የደላላውን ገንዘብ የሚከፍለው በሬ የሚሸጥ ወይም አበዳሪ የሚያገኝ ቤተሰብ ነው።

በመጨረሻ የገቢ ተስፋ አለ። ቶዳሮ በ1969 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው ሰው የሚወስነው በመዳረሻው ባለው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ደመወዙ ሥራ የማግኘት ዕድል ተባዝቶበት በሚገኘው የሚጠበቅ ገቢ ነው። ሥራ አጥ እያለባት ጎንደር ከተማ የገጠር ወጣት የምትስበው በዚህ ስሌት ነው።

ማስታወሻ፦ «ገፊ፦ ድህነት፣ ሥራ ማጣት፣ ጦርነት። ሳቢ፦ ሥራ፣ ትምህርት፣ ሰላም» ብሎ ዘርዝሮ ያቆመ ከ12ቱ ከ4 በላይ አያገኝም። ዝርዝሩ አልተሳሳተም፤ ለየትኛውም አገር ስለሚሠራ ግን ጥያቄውን አልመለሰም። «መዝኑ» የሚለው ትእዛዝ ፍርድ ይጠይቃል። ሌላው ስሕተት የመነሻውን ገፊ ገልብጦ ሳቢ ብሎ መጻፍ ነው፤ «በዚህ ሥራ የለም፣ በዚያ ሥራ አለ» አንድ ነጥብ እንጂ ሁለት አይደለም።

ጥያቄ 3 (8 ነጥብ)
የአንድ ከተማ ሕዝብ በዓመቱ መጀመሪያ 196,100 ነበር። በዓመቱ 4,600 ሰው ተወለደ፣ 1,200 ሞተ፣ 7,400 ሰው ገባ፣ 3,000 ወጣ። ሀ) የዓመቱ መጨረሻ ሕዝብ ስንት ነው? ለ) የተጣራ የፍልሰት ምጣኔውን አስሉ። ሐ) ከዕድገቱ ስንት እጁ ከፍልሰት መጣ?

መልስ፦

ሀ) 196,100 + 4,600 − 1,200 + 7,400 − 3,000 = 203,900

ለ) የተጣራ ፍልሰት = 7,400 − 3,000 = 4,400። አማካይ ሕዝብ = (196,100 + 203,900) ÷ 2 = 200,000። ምጣኔ = 4,400 ÷ 200,000 × 1,000 = 22። ለእያንዳንዱ 1,000 ሰው 22 የተጣራ ገቢ አለ።

ሐ) ጠቅላላ ዕድገት = 203,900 − 196,100 = 7,800። የፍልሰት ድርሻ = 4,400 ÷ 7,800 × 100 = 56.4 በመቶ።

ማስታወሻ፦ በመጀመሪያው ሕዝብ ያካፈለ 22.4 ያገኛል፤ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። «22 በመቶ» ብሎ የጻፈ ሁለት ነጥብ ያጣል፤ 22 ከሺህ 2.2 በመቶ ነውና። በ(ሐ) ላይ 7,400ን በ7,800 ያካፈለ የወጡትን ረስቷል።

ጥያቄ 4 (10 ነጥብ)
ፍልሰት በመነሻው ማኅበረሰብ ላይ የሚያመጣውን ውጤት ቢያንስ ሁለት የተለያዩ የፍልሰት ዓይነቶችን በማነጻጸር አስረዱ።

መልስ፦ ውጤቱ የሚለየው ማን እንደሄደና ይመለስ እንደሆነ ነው።

ወቅታዊው ፈላሲ ይመለሳል። ይዞት የሚመጣው ጥሬ ገንዘብ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለበሬ መግዣ፣ ለልጆች ደብተርና ልብስ ይውላል። ነገር ግን በሽታም ይዞ ሊመጣ ይችላል። የካላዛርን ጥገኛ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በመተማና በሁመራ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ትኖራለች፤ ሠራተኛው ደግሞ ሜዳ ላይ ያለ አጎበር ያድራል። ከሥራ የተመለሱ ሰዎች በሽታውን ወደ ሊቦ ከምከም ሳያመጡት እንዳልቀሩ የሚታመን ሲሆን፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ እዚያ የተነሣው ወረርሽኝ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። ካላዛር ለሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት፣ መክሳትና የጣፊያ እብጠት ያመጣል፣ ሳይታከም ከቀረም ይገድላል። የበሽታው የምርምርና የሕክምና ማዕከል በጎንደር ዩኒቨርሲቲ መኖሩ ከዚህ ፍልሰት ተለይቶ አይታይም።

ወደ ዐረብ አገር የምትሄደው ወጣት ለዓመታት ትቆያለች። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ ብዙውን ጊዜ የጉዞ ዕዳ መክፈያ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ከመበልጸጉ በፊት ይደኸያል። ከዚያ የሚላከው ገንዘብ ቆርቆሮ ቤት፣ ሕክምናና የታናናሾች ትምህርት ይሆናል። በመንደሩ ደግሞ መላክ የቻለና ያልቻለ ቤት ይለያያል፤ ይህ ልዩነት ራሱ አዲስ ገፊ ምክንያት ይሆናል። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ስለሚታሰር፣ ስትበደል ጥላ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ፣ ሰው ብቻ ሳይሆን ይላክ የነበረው ገንዘብም ለብዙ ቤተሰቦች አብሮ ቆመ።

ሦስተኛው የቤተ እስራኤል ፍልሰት ነው። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሄደ። ረሃብና ጦርነት ገፍተዋል፤ ሃይማኖትና የእስራኤል የመመለስ ሕግ ስበዋል። የሄደው ነጠላ ሰው ሳይሆን ቤተሰብ፣ መንደር ነው። ወለቃን በመሰሉ ቦታዎች የአንጥረኝነት፣ የሸክላና የሽመና ሙያ የያዘ ማኅበረሰብ በአንድ ትውልድ ተነሣ። ቤተሰብ በሙሉ ሲሄድ በመነሻው የሚቀረው ገንዘብ ተቀባይ ጥቂት ነው፤ ከዘመዶቻቸው ተለይተው በጎንደር ለመሄድ የሚጠባበቁት ግን ሕይወታቸው በዚያ ላኪና በዚህ ተስፋ መካከል ተንጠልጥሏል።

ማስታወሻ፦ ጥሩና መጥፎ ውጤት በሁለት ዓምድ መጻፍ ይፈቀዳል፤ «ለማን?» የሚለው ካልተመለሰ ግን ግማሽ ነጥብ ነው። የእርሻ ጉልበት ማነስ ለሽማግሌው አባት ጉዳት ነው፤ ማሳውን በእኩል ለሚያርሰው ጎረቤት ጥቅም ነው።

ጥያቄ 5 (6 ነጥብ)
በመዳረሻው ማኅበረሰብ ላይ የሚታየውን ውጤት በመተማና በጎንደር ከተማ አስረዱ።

መልስ፦ መተማ ያለ መጤ ጉልበት የሰሊጥ ምርቷን አትሰበስብም፤ ከውጭ ምንዛሪ አምጪ ሰብሎቻችን አንዱ በእነዚህ ሠራተኞች እጅ ያልፋል። ብዙ ሰው በመጣበት ዓመት የቀን ዋጋ ይወርዳል፣ የአካባቢው ሠራተኛም አብሮ ይጎዳል፤ ጥቂት ሲመጣ ዋጋው ይንራል፣ ሰሊጡም ይረግፋል። የእርሻ መስፋፋቱና በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው ሠፈራ የቆላውን ደን አሳስቷል። ጤና ጣቢያዎች በነዋሪው ቁጥር ተመድበው በአጨዳ ወቅት ከዚያ የሚበልጥ ሰው ስለሚያስተናግዱ የወባ መድኃኒት የሚያልቅባቸው ያኔ ነው።

ጎንደር ከተማ በ1987ቱ ቆጠራ 112,249፣ በ1999ኙ 207,044 ነዋሪ ነበራት። ይህ የ84 በመቶ ዕድገት በመውለድ ብቻ የመጣ አይደለም። ከተማዋ ወጣት ጉልበት፣ ገበያና የቤት ሠራተኛ አግኝታለች። በአንጻሩ የቤት ኪራይ ተወድዷል፣ በዳርቻው የጨረቃ ቤት ተስፋፍቷል፣ በደለል እየተሞላ ያለው የአንገረብ ግድብም ለብዙ ዓመታት የከተማዋን የውኃ ፍላጎት ሲከተል ኖሯል። ስለ ውኃ ሲጻፍ ግን ጥፋቱን ሁሉ በመጤው ላይ ማድረግ ስሕተት ነው፤ ደለሉን ያመጣው ከተፋሰሱ የተከላ አፈር ነው።

ማስታወሻ፦ «ፍልሰት ወንጀል ይጨምራል» ብሎ ያለ ማስረጃ የጻፈ ለዚያ ዓረፍተ ነገር ነጥብ አያገኝም። የ84 በመቶውን ስሌት ያሳየ (94,795 ÷ 112,249 × 100) አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለው፤ ድምሩ ግን ከ6 አያልፍም።