የኅዳር 13ቱ የነፍሰ ጡሮች ውይይት ዕቅድ

ለቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባልደረባዬ፣ ከጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ

ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል። ቦታ፦ ጤና ኬላው ግቢ፣ ጥላው ሥር። የምንጠብቃቸው፦ 18 ነፍሰ ጡሮች፣ ከየቤቱ አንድ አማት ወይም ባል።

እህቴ፣ ያለፈው ወር 40 ደቂቃ ሙሉ ያወራሁት እኔ ብቻ ነኝ። "ገባችሁ?" ስላቸው ሁሉም "አዎ" አሉኝ። ከዚያ አንዷ ወጥታ ሌላዋን "ምን ነበር ያለችን?" ስትላት ሰማሁ። አሁን ግን እነሱ ይናገሩ። ባልና አማት የጠራነውም ለዚሁ ነው። ሴቲቱ ምልክቱን ብታውቅም "እንሂድ" የሚለው ሌላ ሰው ከሆነ ዕውቀቷ ደጃፍ ላይ ይቀራል።

ቀኑን ኅዳር 13 ያደረግሁት ሚካኤል ስላለፈ፣ የነቢያት ጾም ደግሞ በ15 ስለሚገባ ነው። ቄሱን ቀድመሽ አናግሪልኝ። ስለ ነፍሰ ጡር ጾም እኔ ከምለው እሳቸው የሚሉት ይሰማል።

መጀመሪያ፣ የአደጋ ምልክቶች (40 ደቂቃ)

በጥያቄ ጀምሪ፦ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ደም ፈሰሰሽ። ማንን ትቀሰቅሺያለሽ? በምን ትመጫለሽ?" ዝም ካሉ አትቸኩይ፣ ጠብቂ። መልሱን ከባልየውም ጠይቂ።

ከዚያ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አውጪ። ደም መፍሰስ፣ ትንሽም ቢሆን። ምጥ ሳይመጣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ። ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር። የፊትና የእጅ እብጠት። ማንቀጥቀጥ። ትኩሳት። ከባድ የሆድ ቁርጠት። የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቅረት። ለእነዚህ "ነገ እናያለን" የለም፣ ወዲያው መምጣት ነው።

እብጠቱ ላይ ቆየት በይ። ቀኑን ሙሉ የቆመች ሴት እግሯ ማበጡ የተለመደ ነው። ፊቷ ካበጠ፣ ቀለበቷ አልወልቅ ካለ፣ ራሷን ካመማት ግን ደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ትለካ። ማንቀጥቀጥ ላይ ደግሞ "ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ትሂድ" የሚል አይጠፋም። አትከራከሪ። "ጠበሉ አይቀርባትም፣ መጀመሪያ ግን ጤና ጣቢያ" በይ። የሚያንቀጠቅጣትን ሴት በጎኗ ማስተኛትን፣ አፏ ውስጥም ምንም አለማስገባትን አንድ ጎረምሳ አስተኝተሽ አሳዪ። ይስቃሉ፣ ግን ያስታውሱታል።

ቀጥሎ፣ ምግብ (25 ደቂቃ)

"ብዙ ከበላሁ ልጁ ይተልቅና ያስቸግረኛል" የሚለውን ራሳቸው እስኪያነሱት ጠብቂ። ያነሱታል። አማቶቹም ወተትና ተልባ ልጁ ላይ ይለጠፋል ይላሉ። ሳትስቂ መልሺ፦ ምግቡ የሚሄደው ወደ ሆድ ዕቃ ነው፣ ልጁ ያለው በማሕፀን ነው፣ መንገዳቸው አይገናኝም። በእርግዝና ከወትሮው አንድ ጊዜ ተጨማሪ መብላት ያስፈልጋል። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ሲገኝ እንቁላልና የተፈላ ወተት። ጥሬ ሥጋ፣ ጠላና አረቄ ይቅር።

ጾሙ ላይ ሽሮና ምስር ችግር የለባቸውም። የሚጎዳት እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆዷን መዋሏ ነው። እዚህ ላይ ቄሱ ይናገሩ፣ አንቺ ዝም በይ።

አይረን በየቀኑ አንድ ፍሬ። ከቡናና ከሻይ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ይራቅ። ካቅለሸለሻት ማታ ከራት በኋላ ትውሰደው። ሰገራ ቢጠቁር አይደንግጡ፣ ከመድኃኒቱ ነው። ይህን ሳንነግራቸው ቀርተን ስንቷ ጣለችው!

የወሊድ ዝግጅት (20 ደቂቃ)

እያንዳንዷ ከቤተሰቧ ጋር ቁጭ ብላ አራት ነገር ትወስን፦ የት እንደምትወልድ፣ መጓጓዣው ከየት እንደሚመጣ፣ ገንዘቡ ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ ልጆቹንና ከብቱን ማን እንደሚጠብቅ። ደም የሚሰጥ ሁለት ሰውም ይታሰብ። ከመንገድ የራቁት ቀናቸው ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ይግቡ፣ ገንፎውም ቡናውም እዚያ አለ። በጤና ጣቢያችን መውለድ በነፃ መሆኑን ደግመሽ ንገሪያቸው፣ ዛሬም የሚጠራጠር አለ።

ዕቃውን ዘርግተሽ አሳዪ፦ ንጹሕ ጨርቅ፣ የሕፃን ኮፍያ፣ ፎጣ፣ የሌሊት ልብስ፣ የክትትል ካርድ። ሕፃኑ እንደተወለደ እንገሩን ይጥባ፣ ቅቤ አይዋጥ። በመጀመሪያው ቀንም አይታጠብ።

ቡናው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይቅረብ፣ አይረኑን የሚውጡት ግን ማታ ይሁን። የግል ጥያቄ ያላትን ለብቻዋ ውስጥ አስገቢልኝ፣ ካርዶቹንም እዚያው አያለሁ። ያልመጡትን ስም ያዢ፣ ኅዳር 17 አብረን ቤታቸው እንሄዳለን።