ከአዳዲስ ዴስክቶፖች ግዥ ይልቅ ቨርቹዋል የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ እንዲቋቋም የቀረበ ሐሳብ

ቀን፡ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ደብረ ሲና

ጉዳዩ፡- ቨርቹዋል የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ስለማቋቋም የውሳኔ ሐሳብ ስለማቅረብ

በዚህ ዓመት የግዥ ዕቅድ ላይ ለኮምፒውተር ቤተ ሙከራው 20 አዳዲስ ዴስክቶፖች እንዲገዙ መያዙና የግዥ ኮሚቴውም ፕሮፎርማ ማሰባሰቡ ይታወሳል። በሙያዬ አስተያየት እንድሰጥበት በተጠየቅሁት መሠረት ጉዳዩን ከመረመርኩ በኋላ የደረስኩበት ድምዳሜ፣ ያለው ገንዘብ ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች ከሚውል ይልቅ አንድ ጠንካራ ሰርቨር ተገዝቶ ነባሮቹ ኮምፒውተሮች በእሱ አማካይነት እንዲሠሩ ቢደረግ ትምህርት ቤቱ በግማሽ ያህል ወጪ ብዙ ተማሪዎችን ማስተናገድ ይችላል የሚል ነው። ምክንያቶቼን ከዚህ በታች በዝርዝር አቀርባለሁ።

በቤተ ሙከራው ውስጥ ካሉት 31 ኮምፒውተሮች የሚነሱት 24ቱ ሲሆኑ 7ቱ ከአገልግሎት ውጭ ናቸው። የሚነሱትም ቢሆኑ አብዛኞቹ ባለ 2 ጊጋባይት ራም በመሆናቸው መምህሩ የስም ጥሪ ጨርሶ የዕለቱን ርዕስ ሰሌዳ ላይ እስኪጽፍ ድረስ ገና ዴስክቶፑን አያሳዩም። በአንድ ክፍል በአማካይ 52 ተማሪዎች ስላሉ፣ በተግባር ልምምድ ሰዓት አንዱ ተማሪ ማውሱን ይይዛል፣ ሌሎቹ ከጀርባው ቆመው ያያሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት በመጀመሩ ይህ ሁኔታ ከኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ውጤት ያለፈ ጉዳት አለው፤ ጥያቄውን እያወቀ ገጹን ወደ ታች ማንሸራተት የሚቸግረው ተማሪ እንዲኖረን አንፈልግም።

ችግሩ ይህ ሆኖ ሳለ 20 አዳዲስ ኮምፒውተሮች ይፈቱታል ማለት ግን ያስቸግራል። አንደኛ፣ በቀረበው ፕሮፎርማ የአንዱ ዋጋ 68,000 ብር በመሆኑ ጠቅላላው 1,360,000 ብር ይደርሳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለክቡርነትዎ መንገር አያስፈልገኝም። ሁለተኛ፣ ቁጥራቸው 20 ብቻ በመሆኑ አሮጌዎቹ ከተወገዱ አሁንም በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ተማሪዎች መቀመጣቸው አይቀርም። ሦስተኛ፣ አሮጌዎቹን አብረን እናቆያቸው ቢባል ዊንዶውስ 10 የሚያገኘው ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ የእኛዎቹ አይቀበሉትም።

ያቀረብኩት አማራጭ አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ፊት ለፊቱ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር የሚያገለግለው ለስክሪን፣ ለኪቦርድና ለማውስ ብቻ ይሆናል። ሲበራ ከራሱ ሐርድ ዲስክ ሳይሆን በኔትወርክ ገመዱ በኩል ከሰርቨሩ ትንሽ ሥርዓተ ክወና ይቀበልና ወዲያው የመግቢያ ገጽ ያሳያል። ተማሪው በስሙና በይለፍ ቃሉ ሲገባ የሚከፍታቸው ፕሮግራሞች ሁሉ የሚሠሩት ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ወደ እሱ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር፣ ማለትም የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና፣ ኮምፒውተሮቹን በኔትወርክ የሚያስነሳው ኤልቲኤስፒ እና የርቀት ዴስክቶፕ አገልግሎቱ፣ የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅበትም። ለአንድ ተማሪ አንድ ጊጋባይት ተኩል ያህል ራም ቢመደብ ባለ 64 ጊጋባይት ራም ሰርቨር ለ29 መቀመጫ ይበቃል።

29 ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ከአገልግሎት ውጭ የሆኑትን 7 ኮምፒውተሮች ከፍቼ ስመረምር አምስቱ የተበላሸው ሐርድ ዲስካቸው ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ ማዘርቦርዳቸውም ራማቸውም ደህና ነው። በኔትወርክ የሚነሣ ኮምፒውተር ደግሞ ሐርድ ዲስክ አያስፈልገውም። ስለዚህ እነዚህ አምስቱ ያለ አንዳች መለዋወጫ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። በአንድ መቀመጫ ሁለት ተማሪዎች ማለት ነው፤ ይህም በአዲሱ ግዥ የማናገኘው ውጤት ነው። የቀሩት ሁለቱ ተማሪዎች እየፈቱ እየገጠሙ የኮምፒውተርን የውስጥ አካል እንዲማሩባቸው ቢመደቡ መልካም ነው፤ እስካሁን ይህንን ትምህርት የምንሰጠው በመጽሐፉ ሥዕል ነበርና።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር በቢሮዬ ያለውን ኮምፒውተር እንደ ሰርቨር አድርጌ፣ ሐርድ ዲስክ ከሌላቸው መካከል ሁለቱንና ከሚሠሩት ሁለቱን አገናኝቼ ሞክሬያለሁ። አራቱም ተነሥተው ሊብሬኦፊስን፣ ጂኦጄብራንና የፓይተን መለማመጃን ያለ ችግር አስኬደዋል። ከሁሉ ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ግን ሆን ብዬ የተማሪዎቹን መስመር መብራት ባጠፋሁ ጊዜ የሆነው ነው። ሰርቨሩ በዩፒኤስ ላይ ስለነበር አልጠፋም፤ መብራቱን መልሼ ኮምፒውተሮቹ ተነሥተው ስገባ በግማሽ የተተየበው ጽሑፍ ኩርሰሩ እንኳ ከነበረበት ሳይነቃነቅ ጠበቀኝ። በከተማችን መብራት በክፍለ ጊዜ መሐል ሲጠፋና ጀኔሬተሩ እስኪነሣ ተማሪዎች የሠሩትን ሁሉ ሲያጡ ለምናይ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጥገናው ሥራም ይቀላል። ዛሬ አንድ ፕሮግራም ለመጫን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዞርኩ ተመሳሳዩን ሥራ እደጋግማለሁ፤ ሰርቨር ካለ ግን አንድ ጊዜ ተጭኖ ለሁሉም ይደርሳል። ተማሪዎች በፍላሽ ይዘውት የሚመጡትና ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስም የዊንዶውስ ቫይረስ በመሆኑ በዚህ ሥርዓት ላይ አይራባም። መምህሩም ኢፖፕቴስ በተባለው ፕሮግራም የሁሉንም ተማሪ ስክሪን ከጠረጴዛው ሆኖ ማየት፣ ሲያስፈልግም መቆለፍ ይችላል።

ቨርቹዋል ቤተ ሙከራ ሲባል በውጭ ኩባንያዎች ክላውድ ላይ የሚከራየውም እንዳለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አልመክረውም። ክፍያው በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ቤተ ሙከራው አብሮ ይዘጋል። በዞናችን ባለፉት ዓመታት የኢንተርኔት አገልግሎት ምን ያህል እንደተቆራረጠ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ያቀረብኩት ሰርቨሩ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ሆኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ነው። ድረ ገጾችን ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ውክፔዲያን፣ እንዲሁም ፌት የተባሉትን የሳይንስ ማሳያዎች ሰርቨሩ ላይ ማስቀመጥ ስለሚቻል የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራንም ይጠቀሙበታል።

ወጪውን በተመለከተ ከሦስት አቅራቢዎች በጠየቅሁት መሠረት ዝቅተኛው ዋጋ ሲወሰድ ሰርቨሩ 480,000፣ ለሰርቨሩና ለኔትወርኩ የሚሆን ዩፒኤስ 110,000፣ ሁለት ባለ 24 ፖርት ጊጋቢት ስዊቾች 56,000፣ የካት 6 ገመድና መገጣጠሚያው 44,000፣ ለተበላሹ ሞኒተሮች፣ ኪቦርዶችና ማውሶች መተኪያ 50,000፣ በጠቅላላው 740,000 ብር ይሆናል። ከመጀመሪያው ዕቅድ 620,000 ብር ይተርፋል ማለት ነው። ከዚህ ላይ የተወሰነው ወደፊት ለሚሞቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ምትክ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ያን ጊዜ የምንተካቸው ከ10 እስከ 15 ዋት ብቻ በሚወስዱ፣ ቲን ክላየንት በተባሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ይሆናል። ለአሁኑ ግን አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ስለሚቀጥሉ የመብራት ወጪያችን ይቀንሳል ብዬ ቃል አልገባም።

ጉድለቱንም መደበቅ አልሻም። ትልቁ ሥጋት ሰርቨሩ ከተበላሸ ክፍሉ ሁሉ ሥራ መፍታቱ ነው። ለዚህም አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲተካ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ ይዘው በአንድነት እንዲሠሩ ይደረጋል፤ የተማሪዎች ሥራ በየሳምንቱ መጨረሻ በውጫዊ ሐርድ ዲስክ ይገለበጣል፤ የቢሮዬ ኮምፒውተርም ጥቂት መቀመጫዎችን ማንቀሳቀስ እንዲችል በተጠባባቂነት ይዘጋጃል። ሌላው፣ ሁሉም ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ቢከፍቱ ምስሉ መንተፋተፉ አይቀርም፤ ስለዚህ ቪዲዮ በፕሮጀክተር ለክፍሉ በሙሉ ቢታይ ይመረጣል። ከባድ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሥራም ለዚህ ሥርዓት አይሆንም፤ ነገር ግን በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ ይህን ያህል ቦታ የለውም።

መምህራን የሚያነሡት ጥያቄ ስለ ማይክሮሶፍት ዎርድና ኤክሴል እንደሚሆን እገምታለሁ። ሊብሬኦፊስ የእነሱን ፋይል ከፍቶ ያስተካክላል፤ ሜኑው ቦታው ስለሚለያይ ግን የተግባር መልመጃ ወረቀቶቹ በጥቂቱ መታረም ይኖርባቸዋል። ዊንዶውስን በሰርቨር ላይ አድርጎ ለሁሉም ማዳረስም በቴክኒክ ይቻላል፤ ሆኖም ለሰርቨሩም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚም የፈቃድ ክፍያ ስለሚጠይቅ ቁጠባውን ይበላዋል። አማርኛ መተየብን በተመለከተ ሊኑክስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። የመዝገብ ቤትና የአስተዳደር ኮምፒውተሮች ግን አሁን ባሉበት እንዲቆዩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ፓወር ግዕዝ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎቻችንም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታያሉ።

የሰው ጉዳይም አለ። ይህንን ሥርዓት የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና እኔም ነገ ዝውውር ባገኝ ቤተ ሙከራው ባለቤት ያጣል። ስለሆነም ሁለቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህራን ከተከላው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ አብረውኝ እንዲሠሩ፣ እኔም የተከላውንና የጥገናውን ቅደም ተከተል በአማርኛ ጽፌ አንዱን ቅጂ ለጽሕፈት ቤትዎ እንዳስረክብ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሰርቨሩ የሚቀመጥበትን ቦታ በተመለከተ ከቤተ ሙከራው ጎን ያለው የዕቃ ክፍል የብረት በርና ፍርግርግ መስኮት ስላለው ይመቻል፤ ከጣሪያው ጥግ የሚያፈስሰው ቆርቆሮ ግን አስቀድሞ መጠገን አለበት።

ስለዚህ የዴስክቶፕ ግዥው ሂደት ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ለጊዜው እንዲቆይ፣ የግዥ ኮሚቴውና የወላጅ መምህር ኅብረት ተወካዮች በተገኙበት ሙከራውን በተግባር እንዳሳይ ቀን እንዲወሰንልኝ፣ ሐሳቡ ተቀባይነት ካገኘም ትምህርት እንዳይስተጓጎል የገመድ ዝርጋታው በአጋማሽ ዓመቱ እረፍት እንዲጀመር እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የአቅራቢዎቹ ፕሮፎርማና የ31ዱ ኮምፒውተሮች የምርመራ ዝርዝር ከዚህ ደብዳቤ ጋር 4 ገጽ ሆነው ተያይዘዋል፤ የሰርቨሩ ፕሮፎርማ ዋጋ የሚጸናው እስከ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑን አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያ

ግልባጭ፡
ለግዥ ኮሚቴ
ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍል
ለፋይናንስ ክፍል