ሦስት ናይት፣ ሁለት የማብሰያ ቀን፦ ስብ መቀነስ ለምትፈልግ ነርስ የምግብ ዝግጅት

ሲስተር፣ ያልሽኝን ጽፌልሻለሁ። ሰኞ፣ ማክሰኞና አርብ ናይት ትገቢያለሽ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት። ክብደትሽ 74 ኪሎ፣ ቁመትሽ 1 ሜትር ከ60 ነው። ስኳርም ግፊትም የለብሽም፣ ጡትም አታጠቢም። ረቡዕና አርብ ትጾሚያለሽ። ዕቅዱን የሠራሁት በዚህ ላይ ነው፤ ከነዚህ አንዱ ቢቀየር እሱም ይቀየራል።

መጀመሪያ የሚያስቸግርሽን ነገር እንነጋገር። አንቺ ብዙ በላተኛ አይደለሽም። ችግሩ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዋርዱ ጸጥ ሲል ምንም ያዘጋጀሽው ነገር ስለማይኖር የተገኘው ሁሉ አፍ ውስጥ ይገባል፦ ብስኩት፣ አስታማሚ ያመጣው አምባሻ፣ የሰው ልደት ኬክ ትርፍ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሻይ። ሻዩን ብቻ እናስላው። በአንድ ሌሊት አራት ብርጭቆ፣ በብርጭቆ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ካልሽ ወደ 190 ካሎሪ ነው፣ ያውም ምንም ሳያጠግብሽ። ሰውነት ደግሞ በሌሊት ስኳርን እንደ ቀኑ አያስተናግድም፤ ያው እንጀራ ቀን ከሚያደርገው በላይ ሌሊት የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ይጨምራል። ስለዚህ ሌሊት ላይ በጉልበት ከረሃብ ጋር መታገል አያዋጣም፣ ምሳ ዕቃሽ ውስጥ ያለው ነገር ቀድሞ ይወስንልሽ።

ናይት በምትገቢበት ቀን ሰዓቱ እንዲህ ነው። ዋናውን ምግብ ቤትሽ 10 ሰዓት ላይ ትበያለሽ፣ ጠግበሽ። ሌሊት 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ምሳ ዕቃሽን ትከፍቻለሽ። 9 ሰዓት ላይ ትንሽ ነገር፣ ትንሽ ስል ትንሽ ነው። ጠዋት ቤት ገብተሽ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቀለል ያለ ቁርስ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ባዶ ሆድ ከተኛሽ 6 ሰዓት ላይ ርቦሽ ትነቂያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺው ታውቂዋለሽ። በድምሩ ወደ 1500 ካሎሪ ይመጣል፣ በፍስክ ቀን ፕሮቲኑ ወደ 85 ግራም።

እሁድ ከሰዓት (ዋናው ማብሰያ)

ቅዳሜ ማታ አንድ ብርጭቆ ሽንብራ ዘፍዝፊ። እሁድ 9 ሰዓት ላይ ትጀምሪያለሽ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃሽ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፣ ምድጃሽ ባለ ሁለት ስለሆነ።

አንደኛው ምድጃ ላይ ሽንብራውን ጣጂ፣ ፕሬዠር ኩከር ካለሽ በግማሽ ሰዓት ይለቅልሻል። ሁለተኛው ላይ ስድስት እንቁላል ቀቅዪ፣ ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ። አትላጪው፣ ሳይላጥ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል።

እንቁላሉ ሲወርድ ምስሩ ይተካል። አንድ ብርጭቆ ተኩል ክክ ምስር፣ ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በአበሻ ቤት ስብ የሚደበቀው እዚህ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። እናቶቻችን ወጥ ሲሠሩ ዘይቱን ከጠርሙሱ በቀጥታ ነው የሚያንቆረቁሩት፣ ማንኪያ ብሎ ነገር የለም፣ ወጡ ላይ ዘይት ካልተንሳፈፈም ወጥ አይባልም። አንቺ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ አቁላዪው፣ ሲይዝ ትንሽ ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረግሽ፣ በደንብ እስኪበስል። ከዚያ በርበሬ፣ ከዚያ ዘይት፦ ለሙሉ ድስቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ በማንኪያ ለክተሽ፣ በዓይን አይደለም። ነጭ ሽንኩርትና መከለሻ አትቆጥቢ፣ የዘይቱን ጣዕም የሚተኩት እነሱ ናቸው። ሲበስል አራት ቦታ ክፈዪው። እያንዳንዱ ድርሻ ወደ 18 ግራም ፕሮቲን አለው። ሁለቱ ፍሪጅ፣ ሁለቱ ፍሪዘር።

ምስሩ እየበሰለ ዶሮውን ያዢ። የዶሮ ደረት፣ ያለ ቆዳ፣ 400 ግራም። በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጨውና በሚጥሚጣ ለውሰሽ በማይዝ መጥበሻ፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ሲበስል ወደ 300 ግራም ይወርዳል፣ ሁለት ቦታ ክፈዪው፣ እያንዳንዱ 45 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው። ዶሮ ከተወደደ ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ በዚሁ መልክ ይሠራል። ቅቤ ግን አይገባም።

ጎመኑ መጨረሻ። ሁለት እስር፣ ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለሁሉም። ጎመን ላይ አልቆጣጠርሽም፣ የፈለግሽውን ያህል ብዪ። ጎን ለጎን ሁለት ካሮትና አንድ ቀይ ሥር ቀቅዪ። ሽንብራው ሲበርድ ከቲማቲም፣ ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር ለውሺው፣ ሁለት ድርሻ ይወጣዋል፦ አንዱ ለሰኞ ሌሊት፣ አንዱ ለረቡዕ ማታ።

እንጀራውን ግማሽ ግማሹን እያጠፍሽ ለየብቻ በላስቲክ አድርጊ። በአንድ ጊዜ ግማሽ ነው፣ ሁለተኛ ግማሽ የለም። እያማረርሽ እንደምታነቢው ይታየኛል።

የበሰለ ምግብ ምድጃ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ቶሎ አብርጂና ፍሪጅ አስገቢ። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን። ከእሁድ እስከ ረቡዕ ያበቃው ለዚህ ነው።

ሰኞ

10 ሰዓት ላይ ዶሮ፣ ብዙ ጎመን፣ ግማሽ እንጀራ። ምሳ ዕቃ፦ ሁለት እንቁላልና የሽንብራው ሰላጣ፣ በብርዱም ይበላል፣ ማሞቂያ አያስፈልገውም። 9 ሰዓት ላይ ስኳር የሌለው እርጎ፣ አንድ ኩባያ። ጠዋት አንድ እንቁላል ከአንድ ቁራጭ ዳቦ ጋር።

ማክሰኞ (ጥንቃቄ የሚፈልገው ሌሊት)

10 ሰዓት ላይ ያው ዶሮ። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ይወሳሰባል፣ ምክንያቱም ሌሊት 6 ሰዓት ሲል ረቡዕ ይገባል። የፍስክ ምሳ ዕቃ ይዘሽ ከሄድሽና 5 ሰዓት ተኩል ላይ ድንገተኛ ታካሚ ከገባ ወይ ምግቡን ትጥይዋለሽ ወይ ጾሙን ታፈርሺዋለሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱንም ሳታደርጊ ብስኩቱን ትበይዋለሽ። ስለዚህ የማክሰኞ ምሳ ዕቃ ሁልጊዜ የጾም ነው፦ አንድ ድርሻ ምስር፣ ካሮትና ቀይ ሥር፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ቅንጨ በውሃ የተቀቀለ። 5 ሰዓትም ብትበዪው 8 ሰዓትም ብትበዪው ሰዓት ማየት የለም። 9 ሰዓት ላይ አንድ ሲኒ ቆሎ፣ ከቤት ተለክቶ የመጣ። ለውዝ ያለበት ቆሎ ከሆነ ግማሽ ሲኒ፣ ለውዝ ዘይታም ነው። ከረጢቱን ይዘሽ አትሂጂ።

ረቡዕ ጠዋት አጃ በውሃ፣ በቀረፋ፣ ከግማሽ ሙዝ ጋር። ነቅተሽ 9 ሰዓት ላይ ምስርና ጎመን በግማሽ እንጀራ፣ ማታ የሽንብራው ሰላጣ። በጾም ቀን ፕሮቲኑ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከጎደለ እንጀራውን ሳይሆን ጥራጥሬውን ጨምሪ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ እተወዋለሁ፤ የምትበዪ ከሆነ ዘይቱ የተንጠፈጠፈ አንድ ጣሳ ቱና ነገሩን ያቀልልሻል።

ሐሙስ (ትንሹ ማብሰያ)

አንድ ሰዓት በቂ ነው። አዲስ ጎመን፣ አራት እንቁላል፣ ሁለት ድንች ቅቅል፣ ትንሽ ቅጥን ያለ ሽሮ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ከፍሪዘሩ አንዱን ምስር ወደ ፍሪጅ አውርጂ፣ ሌሊቱን ይቀልጣል። የዕለቱ ምግብሽ ከዚሁ ነው፣ ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ሽሮ፣ በቀን ደግሞ ደስ ያለሽን አንድ ነገር ብዪ፣ ጥብስም ቢሆን፣ እየተመጠነ።

አርብ

ማታም ጾም ነው። 10 ሰዓት ላይ ምስርና ጎመን በግማሽ እንጀራ፣ ምሳ ዕቃው ሽሮና አንድ ድንች፣ 9 ሰዓት ላይ ብርቱካን ወይም ፓፓያ። ቅዳሜ ጠዋት ከዲዩቲ ስትወጪ ሁለት እንቁላል ከቲማቲም ጋር ብዪና ተኚ።

ዋርድ ውስጥ

ምግብሽን የመድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስገቢ፣ እኔ ልነግርሽ አይገባም ነበር ግን ስንቱን አይተናል። የሠራተኛ ፍሪጅ ከሌለ ማታ በሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዘሽ በረዶውን ከምሳ ዕቃው ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርጊው፣ ሲቀልጥ ትጠጪዋለሽ። ወጥ የምታሞቂ ከሆነ እንፋሎቱ እስኪወጣ ይሙቅ፣ ለብ ያለ አይበቃም። ማይክሮዌቩ ከተበላሸ ወይ መብራት ከጠፋ ምስሩ በብርዱም ይበላል፣ አይጥምም እንጂ።

ቡና እስከ ሌሊት 8 ሰዓት። ከዚያ በኋላ የጠጣሽው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ያፈጥብሻል፣ ያልተኛ ሰው ደግሞ ሲነቃ ጣፋጭ ነው የሚፈልገው። ሻይ ያለ ስኳር ካልሆነልሽ በመጀመሪያው ሳምንት ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ውረጂ፣ ዝንጅብልና ቅርንፉድ ጨምሪበት። አስታማሚ ዳቦ ቆርሶ ሲሰጥሽ እንቢ ማለት ነውር ነው፣ ይገባኛል፤ ተቀብለሽ አመስግኚና ለጥበቃው ስጪው።

ሚዛን

ሐሙስ ስትነቂ፣ ሽንት ቤት ከሄድሽ በኋላ፣ በሳምንት አንዴ። ከናይት ወጥተሽ ጠዋት አትመዘኚ፣ እግርሽ አብጦ ውሃ ይዘሽ ነው የምትመጪው፣ በከንቱ ትናደጃለሽ። ወገብሽንም በእምብርትሽ በኩል በሜትር ለኪ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደ ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ አልፈልግም፣ ጡንቻሽ አብሮ ይሄዳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለቱም ካልተነቃነቁ ዶሮና ምስሩን ሳትነኪ የጠዋቱን ዳቦና ቅንጨውን ቀንሺ፣ ዘይቱንም በእውነት በማንኪያ እየለካሽ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ።

ፍሪዘር ውስጥ የቀረችው አንዷ የምስር ድርሻ የትም አትሄድም። እሷ "ዛሬ ዲዩቲ ቀይሪኝ" ተብለሽ በድንገት ለምትገቢበት ሌሊት ናት። ስትወጪ እንደ በረዶ አንስተሻት ሂጂ፣ ከበረዶው ሃይላንድ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ትሁን፣ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ትቀልጣለች፣ አሙቀሽ ትበያታለሽ፣ በሚቀጥለው እሁድም በቦታዋ ሌላ ታስቀምጫለሽ።